ትውከቱ ቆሞ ሕፃኗ ዝም ስትል፦ የአንዲት የ14 ወር ልጅ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአንዲት አነስተኛ የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ በተቅማጥና በትውከት ምክንያት የታከመችን የ14 ወር ሕፃን ጉዳይ ይመለከታል። የቤተሰቡን ማንነት የሚያሳዩ ዝርዝሮች ተትተዋል። ጉዳዩን ለመጻፍ የተመረጠበት ምክንያት ቤተሰቡ ልጁን ቸል ያለ ቤተሰብ ስላልነበረ ነው። እናቷ ስንት ጊዜ እንዳስመለሳትና ስንት ጊዜ እንዳስቀመጣት በትክክል ታውቅ ነበር፤ አባቷም ሕመሙ በጀመረ በማግስቱ ጠዋት ኦአርኤስ ገዝቶ አምጥቶላታል። ነገር ግን ሁሉም የሚከታተሉት የትውከቱንና የተቅማጡን ብዛት ነበርና ብዛቱ ሲቀንስ ልጅቷ የተሻላት መሰላቸው። ሕፃኗ ወደ ከባድ አደጋ የገባችው ግን ልክ በዚያው ሰዓት ነው።

ሕመሙ የጀመረው ምሽት ላይ ነው። ሕፃኗ ራቷን በልታ ብዙም ሳትቆይ አስመለሰች፤ ሌሊትም ደጋገማት፤ ሊነጋጋ ሲል ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ተከተለ። ደምም ሆነ ንፍጥ የመሰለ ነገር አልነበረበትም፤ ሰውነቷ ግን ሞቅ ይል ነበር። አያቷ የላይኛው ድዷ ማበጡን አይተው «ጥርስ ልታወጣ ነው» አሉ። ይህ አባባል በብዙ ቤት የሚሰማ ሲሆን፣ ጉዳቱም ተቅማጡ በራሱ ጊዜ የሚቆም ነው የሚል መተማመን ማሳደሩ ነው። ጥርስ ማውጣት ብቻውን ተደጋጋሚ ትውከትና ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ አያመጣም። ሁለቱ በአንድ ወቅት የሚገጣጠሙት ልጆች ጥርስ በሚያወጡበት ዕድሜ ስለሚድሁ፣ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ስለሚያስገቡና ከጡት ሌላ ምግብም ስለሚጀምሩ ነው። በዚህ ቤት ጥርስ ማስነቀልም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ አልተሞከረም፤ ይህ መጠቀስ ያለበት ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም መድማትንና ኢንፌክሽንን ከማስከተላቸውም በላይ ልጁ ፈሳሽ እያጣ ባለበት ሰዓት ውድ ጊዜ ይወስዳሉ።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ኦአርኤሱን ገዝቶ በፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጠበጠው። እስከዚህ ድረስ የተደረገው ሁሉ ትክክል ነው። ሕፃኗ ኩባያውን በሁለት እጆቿ ይዛ ወደ አፏ እየሳበች ጠጣች፤ ሲወስዱባትም አለቀሰች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን የጠጣችውን በሙሉ አስመለሰች። ደግመው ሰጧት፤ አሁንም አስመለሰች። እናቷ በኋላ ስትነግረን «ሆዷ አልቀበል አለ፤ ስሰጣት ደግሞ ትውከቱን የማባብስባት መሰለኝና ተውኩት» አለች። ከዚያ በኋላ ሕፃኗ ያገኘችው ፈሳሽ አልፎ አልፎ የምትጠባው ጡት ብቻ ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወደ 9 ሰዓት ገደማ፣ የሕፃኗ ሁኔታ ምን ይመስል እንደነበር እናቷን በዝርዝር ጠይቀናታል። ትነጫነጭ ነበር፤ ብትታዘልም፣ ብትታቀፍም፣ ብትጠባም አትረጋጋም። ኩባያ ባየች ቁጥር እጇን ትዘረጋለች። አክስቷ «ዓይኗ ገባብኝ» ብላ ነበር። ስታለቅስ እንባ አልነበራትም። እነዚህን ነገሮች እያንዳንዳቸውን ለብቻ ያየ ሰው የታመመ ልጅ የተለመደ ባሕርይ ሊላቸው ይችላል። ይሁን እንጂ መነጫነጭ፣ የዓይን መሰርጎድ እና በጉጉት መጠጣት ከሚባሉት ምልክቶች ሁለቱ አብረው ከታዩ ልጁ የሰውነት ፈሳሽ እጥረት እንደጀመረው ይቆጠራል፤ ይህም በዚያው ቀን በጤና ባለሙያ መታየት ያለበት ደረጃ ነው። በተለይ የጥሙ ጉጉት ሰውን ያታልላል። ወላጅ ልጁ ውሃ ሲሻማ አይቶ «ይኸው፣ እየጠጣ ነው» ብሎ ይጽናናል፤ የሕክምና ባለሙያ ግን ያንኑ ጉጉት የጎደለውን ፈሳሽ መለኪያ አድርጎ ያየዋል።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት የነበረባቸው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ሰዓት ቢመጡ ኖሮ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ሳያስፈልግ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ በማንኪያ በሚሰጥ ኦአርኤስ ብቻ ማገገም የምትችልበት ዕድል ሰፊ ነበር። ትውከት ኦአርኤስን ለማቆም ምክንያት አይደለም፤ የሚያስፈልገው የአሰጣጡን ፍጥነት መቀየር ነው። የተጠማ ልጅ ኩባያውን በአንድ ትንፋሽ ሲጨልጠው የተቆጣው ሆድ ይለጠጥና ይመልሰዋል። ያው ፈሳሽ በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሲሰጥ ግን አብዛኛው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ልጁ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ተጠብቆ ከበፊቱ ቀስ ባለ ፍጥነት ይቀጠላል። ይህ አሰጣጥ ለዓይን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ በአንድ ሰዓት 150 ሚሊ ሊትር፣ በአራት ሰዓት ደግሞ 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት ሲደርስበት በአራት ሰዓት ውስጥ ሊሰጠው የሚገባውም ልክ ይኸው መጠን ነው። በዚህ መንገድ እየተሰጠውም የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ልጅ፣ የሌሎቹ ምልክቶች መኖር ሳይጠበቅ፣ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ሕፃኗ በሁለተኛው ሌሊት እስከ 8 ሰዓት ገደማ ስታለቅስ ቆየች፤ ከዚያ ዝም አለች። ትውከቱ ቆመ። ተቅማጡም እስኪነጋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ፣ መጣ። እናቷ «ተመስገን» ብላ አጠገቧ ተኛች። ጠዋት ላይ ስትቀሰቅሳት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነች፤ ጡት ስታቀርብላት አፏን ከፍታ ያዘችው እንጂ አልሳበችም። ቤተሰቡ ይህን ከሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት የመጣ ድካም አድርጎ ነበር የተረጎመው። ነገሩን የለወጠው የአክስቷ መምጣት ነው። ሕፃኗን ብድግ አድርጋ ኦአርኤስ በማንኪያ ስታቀምሳት ፈሳሹ በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ፤ ትናንት ኩባያ ስትሻማ የነበረች ልጅ አልዋጠችውም። አክስቷ ሳትውል ሳታድር በባጃጅ ይዛት መጣች፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከእኛ ዘንድ ደረሱ።

ትውከቱና ተቅማጡ ለምን ቀነሱ? የሚጠጣ ስለሌለ የሚወጣ ትውከት አልነበረም። ሰውነት ብዙ ፈሳሽ ሲያጣ በደም ሥር የሚዘዋወረው ደም ይቀንሳል፤ የቀረውም ለልብና ለአንጎል እንዲደርስ ከቆዳ፣ ከእጅና ከእግር፣ ከኩላሊትና ከአንጀት ይሸሻል። እጅና እግር የሚቀዘቅዙት፣ ሽንት የሚቆመውም ለዚህ ነው። ይህ መከላከያ ሳይበቃ ሲቀርና ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲጓደል ልጁ ይፈዛል። መፍዘዝ ከውጭ ሲታይ እንቅልፍ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ልጁን በመቀስቀስ ነው። የተኛ ልጅ ሲነካና ሲጠራ ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ የእናቱን ፊት ያያል፣ ሲሰጠው ይጠጣል። የፈዘዘ ልጅ ግን ዓይኑን ቢገልጥም አያተኩርም፤ በዙሪያው ለሚሆነው ነገር ግድ የለውም፤ ወዲያው መልሶ ይደክማል። ተቅማጥና ትውከት ያለበት ልጅ ድንገት ጸጥ ሲል መቀስቀስና ማጠጣት የሚገባው ስለዚህ ነው፤ «አርፏል፣ አትንኩት» የሚለው ምክር በዚህ ሕመም አይሠራም።

ስትመጣ የተደረገላት ምርመራ ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። ስሟን ስንጠራትና እግሯን ስንነካት ዓይኗን በግማሽ ከመግለጥ ያለፈ ምላሽ አልሰጠችም። ዓይኖቿ ሰርጉደዋል። አፏና ምላሷ ደርቀዋል። እርግብግቢቷ ገና አልገጠመም ነበርና ወደ ውስጥ መግባቱ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቅ ነበር። እጆቿና እግሮቿ ቀዝቅዘዋል፤ በእጅ አንጓዋ ላይ ያለው የልብ ትርታ ፈጣንና ደካማ ነበር። የሆድ ቆዳዋ ከእምብርቷና ከጎኗ መካከል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ በሰውነቷ ቁመት አቅጣጫ ተነሥቶ ሲለቀቅ ከሁለት ሴኮንድ በላይ እጥፉን ይዞ ቆየ። በማንኪያ የቀረበላትን ፈሳሽ አልዋጠችም። መፍዘዝ፣ መጠጣት አለመቻል፣ የዓይን መሰርጎድ እና የሆድ ቆዳ በጣም ቀስ ብሎ መመለስ ከሚባሉት አራት ምልክቶች ሁለቱ ብቻ ቢገኙ እንኳ ከባድ የፈሳሽ እጥረት ለማለት ይበቃሉ፤ በእሷ ላይ አራቱም ነበሩ። የደም ስኳሯ ተለክቶ ዝቅ አላለም። የክንዷ ዙሪያ ሲለካም ከባድ የምግብ እጥረት እንደሌለባት ታወቀ፤ ይህም የፈሳሹን መጠንና ፍጥነት ስለሚወስን አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት።

ክብደቷ 8 ኪሎ ነበር። በካርዷ ላይ ከሦስት ሳምንት በፊት የተመዘገበው 8.8 ኪሎ ነው። ከሰውነቷ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ክብደት ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ወጥቷል ማለት ነው፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ባለ ፍጥነት የሚጠፋ ክብደት ፈሳሽ እንጂ ሥጋ አይደለም። የክብደት መከታተያ ካርድ በቤት ውስጥ በጥንቃቄ መቀመጥ ያለበት ለእንዲህ ያለው ቀንም ጭምር ነው፤ ብዙ እናቶች የክትባት ቀን ካልሆነ አይዙትም።

ዕድሜዋ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነ ሪንገር ላክቴት የተባለው ፈሳሽ በደም ሥሯ በሁለት ደረጃ ተሰጣት፦ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ታስቦ 240 ሚሊ ሊትር፣ ቀጥሎ ባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ 70 ሚሊ ሊትር ታስቦ 560 ሚሊ ሊትር። ዕድሜዋ ከአንድ ዓመት በታች ቢሆን ኖሮ ያው መጠን በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ቀስ ባለ ፍጥነት ይሰጥ ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ ሲያልቅ የእጅ አንጓዋ ትርታ ጠነከረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኗን ገልጣ እናቷን ፈለገች፤ መዋጥ መቻሏ እንደተረጋገጠም በደም ሥር የሚሰጠው ሳይቋረጥ ኦአርኤስ በማንኪያ ተጀመረላት። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ሸናች። ሦስቱ ሰዓት ሲሞላ እንደገና ስትመረመር ነቅታ ትነጫነጭ ነበር፣ ኩባያም ትሻማ ነበር፤ ማለትም ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደነበረችበት ደረጃ ተመለሰች። የቀረውን ኦአርኤሱ ሠራው፤ በሚቀጥሉት አራት ሰዓታት 600 ሚሊ ሊትር በማንኪያና በኩባያ ወሰደች፤ ጡትም ጠባች። ያን ሌሊት እዚያው አደረች። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አልተሰጣትም፤ ተቅማጧ ደም አልነበረበትምና አይጠቅማትም ነበር።

ከዚህ ጉዳይ ተነሥቶ ምልክቶቹን በቤት ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው ሁለት ጥንቃቄዎች መነገር አለባቸው። የመጀመሪያው ስለ ቆዳና ስለ ዓይን ነው። በጣም የከሳ ልጅ ፈሳሽ ሳይጎድለውም ቆዳው ቀስ ብሎ ሊመለስ፣ ዓይኑም ሊሰረጉድ ይችላል፤ ወፍራም ልጅ ደግሞ ብዙ ፈሳሽ አጥቶም ቆዳው ቶሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የቆዳው ቶሎ መመለስ ብቻውን ቤት ለመቆየት ዋስትና አይሆንም። ዓይንን በተመለከተ የሚሻለው ጥያቄ «ከወትሮው ተለውጧል ወይ?» የሚለው ነው፤ ይህንንም ከባለሙያ ይልቅ በየቀኑ የሚያየው ቤተሰብ ይመልሰዋል። አክስቷ በሁለተኛው ቀን «ዓይኗ ገባብኝ» ማለቷ በቂ ማስረጃ ነበር።

ሁለተኛው ስለ ሽንት ነው። እናቷ ሕፃኗ መጨረሻ የሸናችው መቼ እንደሆነ ስትጠየቅ ጨርቁ በተቅማጡ ስለሚርስ መለየት እንዳልቻለች ተናግራለች፤ በተለይ ለሴት ልጅ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ደረቅ ጨርቅ ተቀይሮ፣ በመካከሉ ሽንት ብቻ ያለበት ጨርቅ ይገኝ እንደሆነ ማየት ይረዳል። ለስድስት ሰዓት ያህል እንዲህ ያለ ጨርቅ ካልተገኘ፣ ወይም የተገኘው ሽንት በጣም ጥቂትና ደማቅ ቢጫ ከሆነ፣ ልጁ በዚያው ቀን መታየት አለበት። መለየት ካልተቻለ ደግሞ አለመቻሉ ራሱ እንደ ስጋት ተቆጥሮ በልጁ ንቃትና አጠጣጥ መወሰን ይገባል።

በዚህች ሕፃን ላይ ያልታዩ፣ ነገር ግን የፈሳሽ እጥረት ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። በተቅማጥ ውስጥ ደም መታየት አንዱ ነው። አረንጓዴ ሐሞት የመሰለ ወይም ደም ያለበት ትውከት፣ በተለይ ሆድ ከተነፋና ልጁ ሲነካ ካመመው፣ የአንጀት መዘጋት ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በፍጥነት ያስኬዳል። የልጁ ሰውነት ካንቀጠቀጠው፣ ከፍ ያለ ትኩሳት ካለው ወይም አተነፋፈሱ ፈጣንና ጥልቅ ከሆነም መዘግየት አይገባም። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ለመጠበቅ የሚያስችል ትርፍ ፈሳሽ ስለሌለው ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ብቻውን ምክንያት ይሆነዋል።

አዋቂዎችን በተመለከተ ሐሳቡ አንድ ነው። ሲነሣ ዓይኑን የሚያጨልምበት፣ ቀኑን ሙሉ ያልሸና፣ የእግሩ ጡንቻ የሚኮማተርበት ወይም የሚናገረው የሚምታታበት ሰው ማደር የለበትም። አረጋውያን ጥም ብዙም ስለማይሰማቸው ሳይጠይቁ ሊደርቁ ይችላሉ። የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ሆዱ ውስጥ መቆየት ካቃተው በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ኢንሱሊንንም በራሱ ውሳኔ ማቋረጥም ሆነ እንደወትሮው መቀጠል አደጋ አለው። ነፍሰ ጡርም ቶሎ መታየት አለባት። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ በብዛት ከወረደ፣ በተለይ አተት በአካባቢው ከተነገረ፣ የሚቆጠረው በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው፤ ኮሌራ ጤነኛ የነበረን ጎልማሳ በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ወደ ጤና ተቋም በሚሄዱበት መንገድም ኦአርኤሱን ማጠጣት አይቋረጥ።

ሕፃኗ በማግስቱ ረፋድ ላይ ስትመዘን 8.7 ኪሎ ሆነች። ተቅማጡ ገና አልቆመም፤ ይህን ለእናቷ በግልጽ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም ተቅማጡ ለተጨማሪ ቀናት ሊቀጥል ይችላልና እንደገና በቁጥሩ ላይ ብቻ እንዳትመሠረት ነው። ከእያንዳንዱ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ በማንኪያ እንድትሰጣት፣ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ጡትና ምግብ እንዳታቋርጥባት፣ 20 ሚሊ ግራም ዚንክም በቀን አንድ ጊዜ ለ10 ቀን፣ ተቅማጡ ቀድሞ ቢቆምም እንኳ፣ እንድትሰጣት ተነገራት። ከዚያም እናቷ፣ አክስቷና አያቷ ባሉበት የትኛውን ምልክት ካዩ ሳያድሩ እንደሚመልሷት ተጠየቁ። አያቷ ቀድመው መለሱ፦ «አልጠጣም ካለች፣ የጠጣችውን ሁሉ ከመለሰች፣ ወይም ጠርተናት ካላየችን።» እናቷ ደም የሚለውን ጨመረች። በአምስተኛው ቀን ለክትትል ሲመለሱ ተቅማጡ ቆሞ፣ ክብደቷ 8.9 ኪሎ ደርሶ ነበር፤ ዚንኩም ገና አላለቀምና እንዲቀጥሉ ተነግሯቸው ተሸኙ።